ለክፉ ቀን የተቀመጠው ክኒን

አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ግን «ለክፉ ቀን» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከቤተሰብ ውጭ የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሙ የወጣላቸው በግፍ አይደለም። አጎቴ ጥሩ ጃንጥላ አላቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ጋዜጣ አናታቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ፤ ጃንጥላው ለከባድ ዝናብ ነዋ። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ «በዚህ ዶፍ እንዲህ ያለ ጃንጥላ ይወጣል እንዴ? ይሰበራል!» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። የሳሎኑ ሶፋ ከፋብሪካ ሲመጣ የተጠቀለለበት ላስቲክ እስካሁን አልወለቀም። እንግዳ ሲቀመጥበት ይንጫጫል፣ ሲሞቅ ደግሞ ከሰው ጭን ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ሶፋ ላይ መነሳት ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ስለማውቅ እኔ ሁልጊዜ ወንበር እመርጣለሁ።

የዚህ ሁሉ ቁጠባ ዋና መሥሪያ ቤት መኝታ ክፍል ያለው ትልቁ የእንጨት ሳጥን ነው። ቁልፉ በክር ተንጠልጥሎ አጎቴ አንገት ላይ ይኖራል፤ ገላቸውን ሲታጠቡም አይወርድም። ሳጥኑ ውስጥ መዓዛው ጠፍቶ ድንጋይ የሆነ ሳሙና፣ ራሱ ላይ የዛገ የባትሪ ድንጋይ፣ በገለባ የተጠቀለሉ ሳህኖችና አንድ ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ አለ። ጨርቁን የገዙት ለሚስታቸው፣ ለእትዬ፣ ገና ትዳሩ ትኩስ ሳለ ነው። «ለቁም ነገር ቀን ቀሚስ እሰፋልሻለሁ» ብለዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ አለፈ! እትዬ በየሰርጉ ዋዜማ ይጠይቃሉ፤ አጎቴ አገጫቸውን ይዘው ሙሽሮቹን ይመዝኑና «ይኼማ ለዚያ ጨርቅ አይመጥንም» ይላሉ። ልብስ ሰፊ አግብተው በገበያ ቀሚስ ያረጁ ሴት ቢኖሩ እትዬ ናቸው።

የሚገርመው ግን እኚሁ ሰው ከቤታቸው ወጥተው ፊት ለፊት ያለችው ሱቃቸው ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተጽፏል። የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ልብስ ይዞ የመጣ ደንበኛ ወዮለት! እንዲህ ሲያደርጉ እኔ ብዙ ጊዜ ደርሼባቸዋለሁ፤ ደንበኛው ጎንበስ ብሎ ይሰማል፣ እሳቸው በመቀሱ ግድግዳውን እያሳዩ ይሰብካሉ። አንድ ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ እንዴት ሁለት ሃይማኖት ይኖረዋል እላለሁ።

እኔ ከእሳቸው ሱቅ ብዙ ሳይርቅ ባለ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። አንድ ማለዳ አጎቴ ግንባራቸውን በመሀረብ ሸፍነው መጡ።

«የራስ ምታት ክኒን ስጪኝ፣ ልጄ። ርካሹን።»

«መሀረቡን እስኪ ያንሱት፣ ጋሼ።»

አነሱት። ከግራው ቅንድብ በላይ ቆዳው ቀልቶ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ዘለላ ሠርተው ወጥተዋል።

«ሸረሪት ናት» አሉ በምስጢር። «ተኝቼ ሳለ ሸንታብኝ። ዛሬ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ሁሉ አንቀሳቅሼ ፈለግኳት፤ ጠፋች።»

«መቼ ነው የወጣው?»

«ትናንት ማታ። ራሴን ማመም የጀመረኝ ግን ከዚያ በፊት ነው፤ በዚህ በግራ በኩል ብቻ። ማበጠሪያ ሲነካው እንኳ ያቃጥለኛል።»

ሽፍታው ግንባራቸው መሀል ላይ ሲደርስ ድንበር እንደተሰመረለት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወደ ቀኝ አንዲት እንኳ አልተሻገረችም። የሸረሪት ነገር እዚያው አበቃ። ይህ ሰው አልማዝ ባለጭራ የሚለው በሽታ ነው። አልማዝነቱ ለእኔ ታይቶኝ አያውቅም፤ ጭራ እንዳለው ግን ከደንበኞቼ አውቃለሁ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የሚቆይ ሕመም ይጎትታል። ልጅ ሳሉ ጉድፍ ይዟቸው ነበር፤ ጉድፉ ድኖ ቫይረሱ ግን ነርቭ ሥር ተደብቆ ተኝቶ ኖሮ፣ አጎቴ ሲያረጁ ነቃ። እሱም እንግዲህ ለክፉ ቀን ራሱን ያስቀመጠ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ላክኋቸው። ሐኪሙ አይቶ ያሰብኩትንኑ አለና አሲክሎቪር አዘዘላቸው፤ በቀን አምስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን። ማዘዣውን ይዘው ሲመለሱ ክኒኑን ሰጥቼ እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይኼ መድኃኒት ቀን አይሰጥም። አሁኑኑ ይጀምራሉ።»

«እሺ እሺ።»

«አሁኑኑ ማለት አሁኑኑ ነው። ቆይ ውሃ ላምጣልዎ።»

ውሃውን ቀድቼ ስዞር አጎቴ ፓኬቱን በደረት ኪሳቸው ከትተው፣ በእጃቸው ደግፈው፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቁ መንገድ ሲሻገሩ አየሁ። አካሄዳቸው አላማረኝም፤ ወረፋ የያዙ ደንበኞች ግን ነበሩብኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቃቸው ሄድኩ። መኪናው ላይ አጎንብሰዋል። ቀና ሲሉ ደነገጥኩ። የግራ ዓይናቸው ሽፋን አብጦ ዓይኑ ግማሽ ሆኗል፤ ሽፍታው ወርዶ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አንድ ውሃ የቋጠረ ነገር ተቀምጧል። አፍንጫ ጫፍ ላይ የምትወጣ እንደዚያች ያለች ነገር እኛ የጤና ሰዎች አንወዳትም። አፍንጫ ጫፍ የሚደርሰው ነርቭ ቅርንጫፍ ዓይን ውስጥም ይገባል፤ እሷ ከወጣች ቀጥሎ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። አጎቴ ደግሞ ያለ መነጽር መርፌ የሚያሾልኩ፣ በዚያ ሰፈሩን ሲያስቀኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እስካሁን ስንት ክኒን ዋጡ?»

«አንዱም አልባከነም» አሉ በኩራት።

«ምን ማለት ነው አልባከነም?»

«አለ። አስቀምጬዋለሁ። ሐኪሙ ራሱ ጠንካራ መድኃኒት ነው ብሎኛል። እንግዲህ ጠንካራ መድኃኒት ለጠንካራ ሕመም ነው፤ ይቺ ገና ውሃ የቋጠረች ነገር ናት። ከባሰ አለልኝ።»

ተናድጄ የቆረጡትን እጅጌ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ጨርቅ ስለሆነ ድምፅ አላሰማም፤ ንዴቴ ከንቱ ቀረ።

«ምን እንደሚሠራ ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር።»

«ምን ይሠራል? ንገሪኝ፤ እኔ እንደሆነ ሰማሁ ብዬ አልሞትም።»

ዙሪያዬን ስቃኝ የቀሚስ አንገት የሚያያዙበት የመንጠቆና የቀለበት ሳጥን አየሁ። እፍኝ ዘግኜ ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው።

«ቫይረሱ የራሱ መኪና የሌለው ሌባ ልብስ ሰፊ ነው ይበሉት። የእርስዎ ሴል ውስጥ ሰብሮ ይገባና በእርስዎ ክር፣ በእርስዎ መብራት የራሱን ግልባጭ ይሰፋል። አንዱ ብዙ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ወደ ጎረቤት ሴል ይሄዳሉ። ግልባጩ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በአራት ዓይነት ቁራጭ ነው የሚቀጣጠለው። እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ጎኑ ቀለበት፣ በሌላ ጎኑ መንጠቆ አለው። የአዲሱ ቀለበት በፊተኛው መንጠቆ ይገባል፤ ከዚያ የራሱን መንጠቆ ለሚቀጥለው ይዘረጋል።»

«ገባኝ።»

«መድኃኒቱ ከአራቱ አንዱን ቁራጭ ይመስላል። ሌባው ሰፊ ይታለልና አንስቶ ሰንሰለቱ ላይ ይሰካዋል። ቀለበት አለው፣ ይገባል። መንጠቆ ግን የለውም።»

አጎቴ አንዲት መንጠቆ አልባ ቀለበት አንስተው በደህናው ዓይናቸው አገላብጠው አዩ።

«ታዲያ የሚቀጥለው በምን ይያዛል?»

«በምንም። ሰንሰለቱ እዚያው ያበቃል። ሰፊውም እጁ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ፤ ነገር ሲያጣሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «የኔስ ገላ? የኔም ሴል ይሰፋል አይደል? እሱስ በስህተት ቢሰካው?»

«ክኒኑ ሲዋጥ እንደተቆለፈ ነው የሚገባው። የመጀመሪያውን ቁልፍ በደንብ የሚከፍተው ቫይረሱ ይዞት የሚመጣው መሣሪያ ነው። ቀሪውን የእኛው ሴል ይጨርስለታል። ቫይረስ በሌለበት ቤት አብዛኛው እንደተቆለፈ ቆይቶ ከሽንት ጋር ይወጣል። ለዚህ ነው እርስዎን ብዙ የማይነካዎት።»

አጎቴ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ዓይናቸው እያመማቸው ሳቁ።

«ሌባው በገዛ ቁልፉ! ወይ ጉድ! የሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይሉ የለ!»

አብሬያቸው ሳቅኩ። አሁን ገና ገባቸው ብዬ ነበር የሳቅኩት። ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን በመሀረብ ጫፍ አደራረቁና፣

«እንዲህ ያለ ብልህ መድኃኒትማ» አሉ፣ «በትንሽ ነገር አይባክንም! ጭራሽ ልይዘው ይገባል።»

እኔ ፋርማሲስት ባልሆን ኖሮ እዚያው ራሴን ያመኝ ነበር።

«ጋሼ! ከባሰ በኋላማ ምን ይሠራል? መድኃኒቱ የሚያቆመው መሰፋቱን ነው! የተሰፋውን አይተረትርም፤ የተቀደደውንም አይጠግንም። ሌባው የሚሰፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከዚያ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ቁስሉ ሲደርቅ ጠብቀው ቢውጡት ክኒኑ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ማንኳኳት ነው። የተበላው ነርቭ ተበልቷል።»

«ስንት ቀን ይሰጣል?»

«ሽፍታው ከወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ይጀመር ይባላል፤ ቶሎ በሆነ መጠን ይሻላል።»

ፊታቸው በራ። «ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል? ነገ አለ አይደል!»

ልክ ያን ጊዜ በሩ ተገፋና አንድ ባለታክሲ ገባ። ደንበኛቸው ነው። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ አንድ ጋዜጣ ከኋላው ይዞ እንደ ሸርጣን በጎን እየተራመደ ነበር የገባው።

«አባባ፣ ሱሪዬን አንዴ ቶሎ ይስፉልኝ። ተሳፋሪ እየሳቀብኝ ነው።»

«ዙር» አሉት አጎቴ።

እኔን አየኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩለት። በመስታወቱ ግን አጎቴ ሲያጎነብሱና ፊታቸው ሲከፋ ታየኝ።

«ይቺ መቼ ነው የተቀደደችው?»

«እንዲያው ባለፈው ሰሞን ትንሽ ነበረች፣ ጣት እንኳ የማታስገባ። እንዲህ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። ከባሰች አመጣታለሁ ብዬ…»

«ከባሰች!» አጎቴ ቀጥ አሉ። መቀሱ እጃቸው ላይ ነው። «ከባሰች ብሎ ነገር አለ? ትንሽ ሳለች አንዲት ክር ትበቃት ነበር! አሁን ግን ጨርቁ ራሱ አልቋል፤ እንኳን እኔ መላእክት ቢወርዱ የሌለ ጨርቅ አይሰፉም! ምን ይላል እዚያ? አንብብ!»

ባለታክሲው ጋዜጣውን አጥብቆ ይዞ አንገቱን አቀና። «ሳይቃጠል… በቅጠል» ብሎ እንደ ተማሪ አነበበ። ከዚያ ዓይኑ ከግድግዳው ወደ አጎቴ ፊት ወረደ።

«ውይ! አባባ፣ ዓይንዎ ምን ሆነ?»

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ስፌት መኪናቸው አዞሩ።

«ይንገሩት እንጂ፣ ጋሼ» አልኩ ከመስኮቱ ዞሬ። «መድኃኒቱ ከትናንት ጀምሮ እቤት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዳለ ይንገሩት።»

«ተቆልፎ? ለምን?» አለ ባለታክሲው።

«እስኪብስ።»

ባለታክሲው ግድግዳውን አየ፣ አጎቴን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ጠምዝዞ ሱሪውን አየ።

«እኔስ መቀመጫዬ ነው» አለ በትህትና። «የእርስዎ ግን ዓይን ነው።»

አጎቴ መቀሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከደረታቸው ላይ መርፌ ነቀሉ፣ ክር በጠሱ፣ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በግራው ሊያሾልኩ ሞከሩ። ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም በጎን አለፈ። እነዚህ እጆች ናቸው እኔን ያስተማሩኝ፤ የመጀመሪያዋን ነጭ የሥራ ጋዋኔንም የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ከአንገታቸው የተንጠለጠለውን ክር አውልቀው የሳጥኑን ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖሩት። ሙቅ ነበር።

«ሰማያዊው ጨርቅ ውስጥ ነው» አሉ።

ግቢውን እየሮጥኩ ተሻገርኩ። እትዬ ደጃፍ ላይ ሰሃን ያጥባሉ። ቁልፉን እጄ ላይ ሲያዩ ሰሃኑ ከእጃቸው ወደቀ።

«ሞተ?» አሉ ጮኸው።

«ኧረ አልሞቱም፣ እትዬ! ሰጡኝ እኮ ነው!»

«ቁልፉን? በእጁ? በፈቃዱ?» ይህ ጭራሽ ከሞቱም በላይ አስደነገጣቸው። ተከትለውኝ ገቡ።

ሳጥኑን ከፈትነው። እትዬ ሰማያዊውን ጨርቅ ራሳቸው አወጡት፤ ከእጥፋቱ ውስጥ ፓኬቱ አንድም ሳይጎድል ወደቀ። እሳቸው ግን ፓኬቱን አላዩትም፤ በእጃቸው ጨርቁን እየዳሰሱ ነበር። እኔ ክኒኑን ይዤ ሮጥኩ።

አጎቴ የመጀመሪያውን ዋጡ። ውሃውን ሲያስቀምጡ «ያለፈኝን ለማካካስ ሁለት ልጨምር?» አሉኝ፤ ከዜሮ ተነስተው ወዲያው ሊያበዙት ነው! «እንደታዘዘው ብቻ፤ ውሃ ግን በደንብ ይጠጡ» አልኳቸው። ባለታክሲው ሱሪውን ረስቶ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀን ነበር። ወደ ዓይን ክሊኒኩ ስንሄድ ትራፊክ አስቆመው፤ «ውረድ» ቢለው «አልወርድም» ብሎ ተከራከረ። ለምን እንደማይወርድ እኛ እናውቃለን፤ ትራፊኩ ግን ቀርቦ ሲያይ ነው ስቆ ያሳለፈን።

የዓይን ሐኪሟ አጎቴን አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አስደግፋ፣ ዓይናቸው ላይ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«የዓይኑ መስታወት ገጽ ላይ ትንሽ ጀምሯል» አለች። «ወደ ውስጥ አልገባም። መድኃኒቱን መቼ ጀመሩ?»

«ዛሬ» አሉ አጎቴ።

«መቼ ታዘዘልዎ?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን ተመለከትኩ።

«ትናንት» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«አሁንም ጊዜው አላለፈም። አንዲት ሰዓት እንዳያዛንፉ፤ እየተመላለሱም ያሳዩኝ። ሁሉ ከደረቀ በኋላ ቢመጡ ኖሮ ግን ምን እንደምልዎ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የእትዬ ናቸው። ውሃና ክኒን ይዘው ባላቸው ፊት ይቆማሉ፤ እስኪዋጥ ይጠብቃሉ፤ አፍ አስከፍተው ያያሉ። አፍ የማስከፈቱ ነገር ያለ ምክንያት አልተጀመረም። ማለቂያው አካባቢ፣ ሽፍታው መድረቅ ሲጀምር፣ አጎቴ አንዷን ክኒን ከምላሳቸው ሥር አውጥተው የቁልፍ ማስቀመጫ ጣሳ ውስጥ፣ ከነጭ የሸሚዝ ቁልፎች ጋር ሲደባልቁ እትዬ ደረሱባቸው።

«ይቺን አንዷን ብቻ» አሉ አጎቴ፣ «ቫይረሱ እኮ አይሞትም ብላለች ልጅቷ፤ ተመልሶ ነርቭ ውስጥ ይተኛል። ለክፉ…»

«ክፉ ቀን ማለት ይኸው ነው! ይኼ ነው! አሁን ነው!» እትዬ እንዲህ ሲጮኹ ግቢው ሁሉ ሰማ። «ዋጥ!»

ዋጡ። እኔ ደግሞ ተጠርቼ ሄጄ፣ የተኛ ቫይረስ ሰንሰለት ስለማይሰፋ ክኒኑ እንደማያገኘው፣ ሲነቃ ደግሞ አዲስ ክኒን ከእኔ ዘንድ እንደሚገኝ አስረዳኋቸው። ሸሚዝ ላይ ክኒን እንዳይሰፉም ጣሳውን አብረን ፈተሽን።

ዓይናቸው ተረፈ። ሐኪሟ በመጨረሻ ባየቻቸው ቀን «ጠርቷል» ስትል አጎቴ እጇን ሊስሙ ተነስተው ግንባራቸውን ማሽኑ ጋ መቱት። ደስታዬን ልደብቀው አልችልም፤ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አላመለጡም፤ ቅንድባቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል፤ ብርድ ሲመታቸውም ግንባራቸው ያቃጥላቸዋል። ያቺን የዘገየች አንድ ቀን ያነሱ እንደሆነ «ጭራዋ ናት» ይላሉ፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ እኔም ሐኪሙም አናውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ ፊቱን ይመረምራሉ። ቡጉር ያለበትን፣ ትንኝ የነከሰችውን ሁሉ «ቶሎ ሂድ! በአንድ በኩል ብቻ ነው? ያቃጥልሃል?» እያሉ ወደ እኔ ይልካሉ፤ መንጠቆና ቀለበት አውጥተውም ሌባው እንዴት እንደሚያዝ ያሳያሉ። ባለታክሲው ሱሪው በነፃ ተሰፍቶለታል፤ መቀመጫው ላይ የተለጠፈው ጨርቅ ግን የሌላ ቀለም ነው። «ትምህርት እንዲሆነው ነው» አሉኝ።

በቀደም ዕለት ልጠይቃቸው ስሄድ ሱቁ ውስጥ ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ አጎቴ በሜትር እየለኳቸው ነው። የግራ ዓይናቸውን አንዳንዴ ይጨፍኑታል፣ ይከፍቱታል፣ እንደገና መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው።

ጨርቁን ቀረብ ብዬ ሳየው ደነገጥኩ። በእጥፋቶቹ ላይ ሁሉ ብል በልቶታል። አጎቴ አዩኝ።

«ሙሉ ቀሚስ አይወጣውም» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ብቆርጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር። አሁን ያልተበላውን ለቅሜ ጉርድ ልሰፋላት ነው እንጂ ሌላ አይሆንም።»

ጉርዱ ሲያልቅ እትዬ ለብሰው ዞር ዞር አሉና፣ የአትክልት ዘንቢላቸውን አንስተው በሩ ጋ ደረሱ።

«የት ነው በእሱ?» አሉ አጎቴ።

«ሽንኩርት ልገዛ።»

«በዚያ ጨርቅ? ሽንኩርት? ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አስቀምጪው፣ ለ…»

አንደበታቸው እዚያ ላይ ቆመ። እጃቸው ወደ ቅንድባቸው ሄዶ ጠባሳውን ዳሰሰ። እትዬ በሩን ይዘው ይጠብቃሉ፤ እኔም እጠብቃለሁ።

«ለዛሬ» አሉ አጎቴ። «በይ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ።»